ካምቢዮዬን ሳይፈቱ ችግሩን ላገኙልኝ መካኒክ ምስጋና

ሳሪስ አካባቢ የሚሠሩ አንድ መካኒክ ላመሰግን ነው። ማኑዋል መኪና የምትነዱም እንድታውቋቸው ብዬ ነው። እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አልጽፍም፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

መኪናዬ አሮጌ ኒሳን ሳኒ ናት። ክረምት ላይ ሌላ ጋራዥ የካምቢዮ ዘይት ቀየሩልኝ። "ያረጀ ካምቢዮ ወፈር ያለ ዘይት ይሻለዋል" ብለው 85ደብሊው-140 ሞሉበት፤ እሱም ጂኤል-4 ሳይሆን ጂኤል-5። "አምስት ከአራት ይበልጣል" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ማርሽ አልገባ ይላል። ከሦስት ወደ ሁለት ስመልስ ደግሞ ይንኮራኮራል። የጠየቅኳቸው ሁሉ ካምቢዮው ይውረድ አሉ።

ጋሼ ቁልፍ ሳያነሱ መጀመሪያ መኪናውን ነዱት። ቆመው ፍሪሲዮን ረገጡ፣ ትንሽ ጠበቁና የኋላ ማርሽ አስገቡ። ያለ ድምፅ ገባ። ፍሪሲዮኑ በደንብ የማይለቅ ቢሆን እዚህ ላይ ይጮህ ነበር አሉኝ። ቀጥሎ ከሦስት ወደ ሁለት ሲመልሱ መሃል ላይ ኒውትራል አድርገው ፍሪሲዮኑን ለቀቁ፣ ነዳጅ ነካ አደረጉ፣ እንደገና ረግጠው ሁለትን አስገቡ። አሁንም ድምፅ የለም። "አየህ ልጄ፣ ጥርሱ ደህና ነው። ሥራውን ያቆመው ሲንክሮናይዘሩ ነው።"

ሲንክሮናይዘር ማለት በአብዛኛው ከነሐስ የሚሠራ ቀለበት ነው። ማርሹ ከመግባቱ በፊት ጥርሱን ይዞ ፍጥነቱን ያስተካክላል። ለመያዝ ደግሞ መፋተግ አለበት። ዘይቱ ከመጠን በላይ ካንሸራተተው አይይዝም፣ ያኔ ጥርስ ከጥርስ ይጋጫል።

ጂኤል የሚለው ቁጥር የጥራት ደረጃ አይደለም። ዘይቱ ምን ዓይነት ጥርስ እንዲሸከም እንደተሠራ ነው የሚናገረው። ጂኤል-5 የተሠራው ለዲፈረንሲያል ነው፤ እዚያ ጥርሶቹ በከባድ ጫና እየተንሸራተቱ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ የሰልፈርና የፎስፈረስ ቅመሙ ከጂኤል-4 እጥፍ ገደማ ነው። ቅመሙ ብረትን ይጠብቃል፤ ሲሞቅ ግን ነሐስን ሊበላ ይችላል፣ ቀለበቱንም ያንሸራትታል። ዛሬ ነሐስ የማይጎዳ ጂኤል-5 አለ፣ ሁለቱንም የሚፈቅዱ አምራቾችም አሉ። የእኔ መኪና ማኑዋል ግን ለካምቢዮው የሚለው ጂኤል-4፣ 75ደብሊው-90 ነው።

ውፍረቱ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ ይናገራል፣ የመጨረሻው ደግሞ ሲሞቅ ያለውን ውፍረት። 140 ሲሞቅ እንኳን ወፍራም ነው። ጠዋት ሲቀዘቅዝማ ጥርሱን ጎትቶ ይይዘዋል፣ ቀለበቱም አቅም ያንሰዋል። የጠዋቱ እምቢታ ከዚህ ነበር። ወፍራም ዘይት የሚጠቅመው ድምፅ ለማፈን ነው። ለሽያጭ የቀረበ መኪና ስትሞክሩ ያለቀ ካምቢዮ ድምፅ እንዲህ ሊደበቅ እንደሚችል አስቡ።

ሥራው ላይ አንድ ነገር ወደድኩ። ከማፍሰሻው በፊት የመሙያውን ቡሎን ፈቱ። አፍስሰህ ጨርሰህ መሙያው ዝጎ አልፈታ ቢልስ? ከዚያ ሞቅ ያለውን ዘይት ነጭ ሳህን ላይ አፍስሰው ፀሐይ ላይ አዘነበሉት። ወርቅማ ብናኝ ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ነሐሱ ነው። ማግኔቱ ላይ የነበረው ግን ግራጫ ጭቃ ብቻ ነው። ስንጥር ብረት ቢሆን ጥርስ ተሰብሯል ማለት ነበር፣ ያኔ እኔም ካምቢዮው ይውረድ እል ነበር አሉኝ። አዲሱን ጂኤል-4 መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ከመሙያው አፍ ጠብ እስኪል ሞሉት።

አሁን ጠዋት ማርሹ ይገባል። ሁለት ግን ቸኩዬ ካስገባሁት ዛሬም ይጮሃል። ይህንንም ቀድመው ነግረውኛል፤ ያለቀ ቀለበት በዘይት አይመለስም። ቀስ ብዬ ካስገባሁት ብዙ ጊዜ ያገለግለኛል። ያለቀ ኩሽኔታም በዘይት አይመለስም። ኒውትራል ላይ ፍሪሲዮን ስትለቁ የሚያፏጭ፣ ስትረግጡ የሚጠፋ ድምፅ ካለ ዘይት ለመግዛት አትድከሙ።

ከኋላ የሚገፉ መኪኖች ያላችሁ ተጠንቀቁ። የእኔ ከፊት ስለሚጎትት ዲፈረንሲያሉ ካምቢዮው ውስጥ ነው፣ አንድ ዘይት ይበቃዋል። የእናንተ ዲፈረንሲያል ግን ለብቻው ነው፣ ጂኤል-5 ይፈልጋል። ጂኤል-4 ይሻላል ሲባል ሰምታችሁ እዚያ እንዳታስሞሉ።

ጋሼ ያስከፈሉኝ የእጃቸውን ብቻ ነው፤ ዘይቱን ራሴ ገዝቼ ወሰድኩ። ስትሄዱ የመኪናችሁን ማኑዋል ያዙ፣ ከሌላችሁ ሞዴሉንና ዓመቱን። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ብትደርሱ ይመርጣሉ። እሁድ አይሠሩም።