ዛላውን ልላክልዎት ወይስ የተፈጨውን?

ጤና ይስጥልኝ እህቴ፤

ለፍራንክፈርቱ ምግብ ቤትዎ በርበሬ የሚያቀርብ ሰው እየፈለጉ መሆኑን ከወንድምዎ ሰምቼ ነው የምጽፍልዎት። እኔ ሐዋሳ ተቀምጬ ከሃላባና ከማረቆ በርበሬ እየገዛሁ አዘጋጃለሁ። ዋጋ ከመነጋገራችን በፊት ግን ዛላውን ይሻልዎት እንደሆነ ወይስ ዱቄቱን ቢወስኑ ይሻላል። አስቀድሜ ልንገርዎት፤ እኔ የማተርፈው በዱቄቱ ነው። ምክሬን በዚያ መዝኑት።

ዛላ በኪሎ ርካሽ ነው፤ ርካሽነቱ ግን አውሮፕላኑ ጋ ሲደርስ ያልቃል። የአየር ጭነት የሚከፈለው ከክብደቱና ከሚይዘው ቦታ በሚበልጠው ነው። ቦታው የሚሰላው የካርቶኑን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር አባዝቶ ለ6,000 በማካፈል ነው። 10 ኪሎ ዛላ የምይዝበት ካርቶን 60 በ50 በ40 ነው፤ ሲሰላ 20 ይወጣል። ስለዚህ ለ10 ኪሎ በርበሬ የ20 ኪሎ ጭነት ይከፍላሉ፤ ያውም ቅንጣሹ ገና ሳይወጣ። 10 ኪሎ ዱቄት ግን 40 በ30 በ20 የሆነ ካርቶን ይበቃዋል፤ የሚከፍሉትም የ10 ኪሎ ብቻ ነው።

የዛላው ብልጫ ዓይን የሚያየው መሆኑ ነው። ጆሮዎ አጠገብ ሲያንቀጠቅጡት ፍሬው ከተንኳኳ ደርቋል። እንደ ቆዳ ከታጠፈ እርጥበት አለው፤ ሚዛን እንዲደፋ ውኃ የሚረጭበት ነጋዴ አለና። አንድ ጊዜ እኔም ተታልያለሁ፤ ጆንያው ከላይ ቀይና ደረቅ ነበር፣ መካከሉ ላይ የነበረው ዛላ ሲሰበር ግን ውስጡ ግራጫ ሻጋታ ለብሶ ተገኘ። ያ ወፍጮ ቤት ገብቶ ቢሆን ኖሮ ማንም አያውቀውም ነበር፤ ጥቂቱ ሻጋታ ከሁሉ ጋር ይደባለቃል። ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ቢ1 የሚባል መርዝ አለ፤ የአውሮፓ ኅብረት በደረቅ በርበሬ ላይ ለእሱ የሚፈቅደው በኪሎ 5 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ጭነቱ እዚያው ይታገዳል፣ ኪሳራው የእርስዎ ነው።

ስለዚህ ዱቄት ከመረጡ ከማንም ቢገዙ፣ ከእኔም ቢሆን፣ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛው፣ ከመፈጨቱ በፊት ሲቀነጠስና ሲለቀም የተነሣ ቪዲዮ። ሁለተኛው፣ ሊላክልዎት ከተዘጋጀው ዱቄት ተወስዶ የተመረመረ የላቦራቶሪ ውጤት። ናሙናው ከአንድ ጥቅል ሳይሆን ከብዙዎቹ ተውጣጥቶ መሆን አለበት፤ መርዙ እኩል ተሰራጭቶ አይገኝምና።

በእኔ እምነት፣ ወፍጮ ከሌለዎት ያለ ቅመም የተፈጨውን ይውሰዱ። ኮረሪማውንና ጥቁር አዝሙዱን እዚያው እንደ ወጥ ቤትዎ ጣዕም ይጨምራሉ፤ የእኔን አመጣጠን ደንበኞችዎ ላይወዱት ይችላሉ። ወፍጮ ካለዎትና በመርከብ እስኪደርስ መጠበቅ ከቻሉ ዛላው ይሻልዎታል።

ከሁለቱም አንድ አንድ ኪሎ ናሙና አዘጋጅቻለሁ። ወንድምዎ በሚመለሱበት ጊዜ ይዘውልዎት እንዲመጡ ከፈቀዱ፣ ከዚያ ያለው የጉምሩክ ሕግ የሚፈቅድላቸው መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁልኝ።