«አይዘገይም» ተብሎ የተሸጠልኝ ኢርበድ የሰው ሠርግ አበላሸብኝ

ነገሩ የሆነው ዛሬ ከሰዓት ነው። ንዴቴ ገና አልበረደም። ደሴ ፒያሳ ወጥታችሁ ኢርበድ ወይም ስፒከር ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

ሥራዬ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ነው፤ የምሠራው በታብሌት ነው። ባለፈው ሳምንት የሽቦ ኢርፎኔ አንዱ ጆሮው ሞተብኝና ሌላ ፍለጋ ወጣሁ። የገባሁበትን ዓይነት ሱቅ ታውቁታላችሁ። በሩ ላይ ስፒከር ይጮሃል፣ መስታወቱ ላይ መብራት ይብለጨለጫል፣ እግርህ ሳይገባ «ምን ልስጥህ ወንድሜ» ይሉሃል።

ለኤዲቲንግ እንደምፈልገው፣ ድምፁ ከምስሉ እንዳይዘገይብኝ እንደምፈራ በግልጽ ነገርኩት። ባለ 1,200 ብሩን ወደ ጎን ገፋና ባለ 3,800 ብሩን አወጣ። ሣጥኑ ላይ LDAC ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ 0 ms። «ይሄ ኤልዳክ ነው፣ ዲሌይ የሚባል አያውቅም። አብሽር!» አለኝ። ከራሱ ስልክ ጋር አገናኘና ዩቲዩብ ከፈተልኝ። የዘፋኙ ከንፈርና ድምፁ አንድ ላይ ሄዱ። «አየህ?» አለኝ። አየሁ፣ ከፈልኩ።

ታብሌቴ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አውጥቼ የራሴን ሥራ ብከፍትበት ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። እሱ ነው አሁንም የሚያንገበግበኝ።

በእጄ የነበረው ሥራ ሐይቅ ከተማ የተቀረጸ ሠርግ ነው። ድምፁ በሪከርደር ለብቻው ስለተቀዳ ከምስሉ ጋር በእጅ ማጣጣም ነበረብኝ። የማጣጥመው በጭብጨባ ነው፤ ሁለቱ መዳፎች የሚገናኙበትን ፍሬም አገኝና የጭብጨባውን ድምፅ እዚያው ላይ አሳርፈዋለሁ። በአዲሱ ኢርበድ ሳዳምጥ ድምፁ ወደኋላ የቀረ መሰለኝ። ስድስት ፍሬም ወደፊት ሳብኩት፤ ልክ መጣልኝ። ሦስት ሰዓት የሚፈጀውን ቪዲዮ በሙሉ እንዲሁ አስተካክዬ በፍላሽ አስረከብኩ።

ትናንት ማታ የሙሽራው አጎት ደወሉ። «ልጄ፣ እኛ ቴሌቪዥን ላይ ጭብጨባው ከእጁ ይቀድማል። እናቴ አፏን ሳትከፍት እልል ትላለች» አሉኝ። ሰውዬው አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ታብሌቱን ከፍቼ ኢርበዱን አጠፋሁና በራሱ ድምፅ ማጉያ አዳመጥኩ። እውነታቸውን ነው። ቪዲዮው በሰከንድ 30 ፍሬም ነው፤ ስድስት ፍሬም ማለት 200 ሚሊሰከንድ፣ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ነው። የዘገየው ቅጂው አልነበረም፤ ኢርበዱ ነው። እኔ የኢርበዱን መዘግየት ቪዲዮው ውስጥ ቀብሬ ለሰው ሰጠሁ። ድምፅ ትንሽ ቢዘገይ ዓይን ይታገሣል፤ መብረቅም መጀመሪያ ይታያል፣ ከዚያ ነው የሚሰማው። ድምፅ ሲቀድም ግን ማንም ሰው ወዲያው ያውቀዋል።

ከዚያ ከታብሌቱ Settings ገብቼ About phone ሥር ያለውን Build number ሰባት ጊዜ ነካሁ። በታብሌት ላይ About tablet ሊል ይችላል። Developer options ተከፈተልኝ። Bluetooth Audio Codec የሚለውን ስነካ የተመረጠው SBC ነው። LDAC ደብዝዟል፣ አይነካም። ታብሌቴ ኤልዳክ እንዳለው አውቃለሁ፤ የጓደኛዬ ሄድፎን ሲገናኝ ያበራል። የሌለው ኢርበዱ ነው።

ኮዴክ ማለት ድምፁ በብሉቱዝ እንዲያልፍ የሚጨመቅበት መንገድ ነው። ላኪውም ተቀባዩም አንድ ዓይነት ካላወቁ ሁለቱም ወደ ኤስቢሲ ይወርዳሉ፤ ኤስቢሲ በብሉቱዝ ሙዚቃ የሚያስተላልፍ ዕቃ ሁሉ የግድ የሚይዘው ነው። በደህናው ደረጃው በሰከንድ 328 ኪሎቢት ገደማ ያስተላልፋል። የሶኒው ኤልዳክ ግንኙነቱ ጥሩ ሲሆን 990 ይደርሳል። ኤስቢሲ ሙዚቃ አያሰማም አልልም፤ ባለ 1,200 ብሩም እሱን ነበረው። እኔ 2,600 ብር የጨመርኩት ለሌለ ነገር ነው።

ይባስ ብሎ፣ ኤልዳኩ እውነት ቢሆንም ለእኔ መድኃኒት አልነበረም። ኤልዳክ የተሠራው ለድምፅ ጥራት ነው፤ ከመዘግየት አያድንም። መዘግየቱ የሚመጣው በአብዛኛው ኢርበዱ ድምፁ እንዳይቆራረጥ ብሎ ትንሽ ትንሽ አጠራቅሞ ስለሚያጫውት ነው። ዜሮ የሚባል የለም። መዘግየትን ለመቀነስ ተብሎ የተሠራው አፕትኤክስ ሎው ሌተንሲ የሚባለው ኮዴክ እንኳ ወደ 40 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ እሱም ስልኩም ኢርበዱም ከሌላቸው አይሠራም። ዩቲዩብ ልክ የመሰለኝ ደግሞ መዘግየቱን አውቆ ምስሉን ስለሚያቆየው ነው። ጌም ግን መተኮሱን አያቆይልህም፤ የስልክ ኪቦርድም ጣትህን አይጠብቅም። የእኔ የኤዲቲንግ አፕም አልጠበቀኝም።

ዛሬ ዕቃውን ከነሣጥኑ ይዤ ሄድኩ። ሻጩ አሁንም ዩቲዩብ ከፈተ። «ይኸው ይሠራል» አለኝ። ታብሌቴን ፊቱ ላይ ዘርግቼ SBC የሚለውን በጣቴ አሳየሁት። አላየውም ማለት አልቻለም። ዝቅ ብሎ አየው፣ ቀና አለና «ሣጥኑን እኛ አልጻፍነው፤ ሁሉም እንዲህ ነው፣ ማን ገብቶ ያየዋል?» አለኝ። ያውቅ ነበር ማለት ነው! ለሥራ እንደምፈልገው እየነገርኩት፣ እያወቀ ነው «አብሽር» ያለኝ።

ከጎኑ ያለው ልጅ ደግሞ ከስልኩ ቀና ሳይል «ልታዳምጥበት ነው የገዛኸው ወይስ ሴቲንግ ልታነብበት?» አለኝ። ሁለቱም ሳቁ። ደረሰኙ ላይ ያለውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም በእስክርቢቶ ጫፍ መታ መታ አደረገልኝ። እዚያው ቆሜ እያለሁ አንዲት ተማሪ ገባች። ያንኑ ሣጥን አወጣላት። «ይሄ ኤልዳክ ነው፣ ዲሌይ አያውቅም።» «እህቴ፣ የራስሽን ስልክ አገናኚና እዪው» አልኳት። «ወንድሜ፣ ሥራችንን አታበላሽ» ብሎ በትከሻዬ ገፋ አድርጎ አስወጣኝ።

ስለዚህ የራሳችሁን ስልክ አገናኙ፣ የምትጠቀሙበትን አፕ እዚያው ክፈቱ፣ ኮዴኩንም እዩ። አይፎን የያዛችሁ ለኤልዳክ ብር አትጨምሩ፤ አይፎን ኤልዳክ የለውም። ድምፅና ምስል ለማጣጣም ከሆነ ሽቦ ግዙ።

እኔ ከጎረቤት የሽቦ ኢርፎን ተውሼ ድምፁን ስድስት ፍሬም ወደኋላ እየመለስኩ ነው። አሁን እልልታው ጋ ደርሻለሁ፤ አፋቸው ሲከፈትና ድምፁ ሲወጣ አንድ ሆኗል። ፍላሹን ነገ ጠዋት ራሴ ሐይቅ አደርሰዋለሁ።