ርካሽ የኮንክሪት ወለል የምትዋዋሉ፣ ዋጋው ውስጥ ውሃ ማጠጣት መኖሩን እዩ

በቱሉ ዲምቱ፣ በሰበታ፣ በለገጣፎ በኩል በዚህ በጋ ወለል ወይም ግቢ ኮንክሪት ልታስሞሉ ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህችን አንብቡ።

እህቴ በየካቲት ለዕቃ ማስቀመጫ የሚሆን 60 ካሬ ሜትር ወለል በ10 ሴንቲ ውፍረት አስሞላች። ወደ 6 ሜትር ኩብ ኮንክሪት መሆኑ ነው። ዋጋ ከሰጡት መካከል በጣም የረከሰው ተመረጠ። ለምን እንደረከሰ የታወቀው በኋላ ነው፤ ሌሎቹ የቦቴ ውሃና የሚያጠጣ የቀን ሠራተኛ አስበው ሲያሰሉ እሱ ሁለቱንም ዘሏቸዋል። ውሉም «ሥራው ተሞልቶ ሲያልቅ ርክክብ ይደረጋል» ይላል እንጂ ስለ ውሃ አንዲት ቃል የለውም። ጠዋት ሞሉ፣ በማግስቱ ቀትር ላይ በጎማ አንዴ ረጩና ቀሪ ሂሳብ ጠየቁ። ያን ዕለት ወለሉ ለዓይን የሚያምር ነበር።

ዛሬ ጋሪ ሲገፋበት አቧራ ይነሳል፤ ጠርጋ ስትጨርስ እንደገና አለ። እጅ ሲያብሱበት መዳፍ ነጭ ይሆናል። በሚስማር ሲጫር ይፈረፈራል፣ ፊቱም እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ አይደለም፤ ከውሃ ጋር እየተዋሃደ ነው፣ ይህም ቀናት ይፈጃል። በኮንክሪቱ ውስጥ ያለው አንጻራዊ እርጥበት ከ80 በመቶ በታች ሲወርድ ውህደቱ ይቆማል ማለት ይቻላል። ውሃው የሚያመልጠው ደግሞ በላይኛው ፊት ነው። ስለዚህ የታችኛው ክፍል እርጥበቱን ይዞ ሲጠነክር፣ እግርና ጎማ የሚያርፍበት የላይኛው ስስ ሽፋን ሥራው ሳያልቅ ደርቆ ይቀራል። ወለሉ ክብደት ይሸከማል፤ ፊቱ ግን ያልቃል።

«አዲስ አበባ ምን ሙቀት አለ?» የሚል ፎርማን አይጠፋም። ከተማው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ የበጋው አየር ደረቅ ነው፣ ዳር ያለ ክፍት ሜዳ ላይ ደግሞ ነፋሱን የሚጋርድ ነገር የለም። ከሙቀቱ ባልተናነሰ ውሃውን የሚወስዱት እነዚህ ናቸው።

እህቴ ስትከራከር ተቋራጩ የላብራቶሪ ወረቀት አወጣላት፤ ከድብልቁ ለሙከራ የተሠሩት ኪዩቦች የተባለውን ጥንካሬ አልፈዋል። ወረቀቱ ውሸት ላይሆን ይችላል። ግን ኪዩብ የሚቀመጠው ውሃ ገንዳ ውስጥ ነው! የሚነግራችሁ ድብልቁ ምን ያህል ሊጠነክር እንደሚችል ነው፤ ፀሐይ ላይ ስለተተወው ወለላችሁ ምንም አይልም።

«መድኃኒት ስለጨመርንበት ውሃ አይፈልግም» የሚባለውንም አትቀበሉ። ድብልቅ ውስጥ የሚጨመረው አብዛኛው የማቡኪያ ውሃ ለመቀነስ ወይም መጠንከሩን ለማዘግየት ነው። እርጥበት የሚይዝ ፊት ላይ የሚረጭ ፈሳሽ አለ፣ እሱ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን በዚያው ቀን፣ ሳይዘለል መረጨቱን ቆማችሁ እዩ።

ውሉ ላይ የሚጻፈው ይህን ይምሰል፦ ፊቱ በአውራ ጣት ሲነካ ምልክት መያዝ ሲያቆም ወዲያው በራሰ ጆንያ ይሸፈናል፣ በላዩ ፕላስቲክ ይነጠፋል፣ ነፋስ እንዳያነሳው ዳር ዳሩ በድንጋይ ይያዛል። በኦፒሲ ሲሚንቶ ቢያንስ 7 ቀን ነው። በፒፒሲ ከሆነ ግን፣ ሲሚንቶው ውስጥ የተቀላቀለው ፖዞላና ቀስ ብሎ ስለሚሠራ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሁን። ጆንያው ቀንም ሌትም መድረቅ የለበትም። ቀትር ላይ ረጭቶ መሄድ ዋጋ የለውም፤ ብዙም ሳይቆይ ደርቆ ታገኙታላችሁ።

ውሃ ብርቅ በሆነበት ሰፈር ይህ ቀላል ወጪ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጆንያውን ያለ ፕላስቲክ ብትተውት በካሬ 5 ሊትር በቀን ብለን ብናስብ፣ ለ60 ካሬ 300 ሊትር፣ ማለትም 15 ጀሪካን በየቀኑ ነው። ፕላስቲክ ሲደረብበት ግን ፍጆታው በጣም ይቀንሳል፤ ፕላስቲኩን ተቋራጩ እንዲያቀርብ አስገድዱት።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ድብልቁ ላይ እንዲፈስላቸው ብለው ውሃ ካበዙበት፣ ወይም ሲያለሰልሱ ፊቱ ላይ ውሃ ከረጩበት፣ በኋላ የቱንም ያህል ብታጠጡት አይስተካከልም።

ፊቱ አንዴ ከተበላሸ «ሲሚንቶ በጥብጠን እንቀባዋለን» ብለው ሁለተኛ ሂሳብ ይጠይቃሉ። ለእህቴም ይኸው ቀርቦላት ነበር። ደካማ ሽፋን ላይ የተቀባ ሲሚንቶ ከነሽፋኑ ይላጣል። መጀመሪያ ደካማው በማሽን ተፍቆ መነሳት አለበት፤ ከዚያ ነው ሶዲየም ሲሊኬት ያለበት ማጠንከሪያ ወይም አዲስ ድርብ የሚታሰበው፣ ወጪውም ከተቀነሰው ዋጋ ይበልጣል።

ከክፍያው 10 በመቶ ያህል እስከ 28ኛው ቀን ያዙ፣ ይህንንም ውሉ ላይ አስፍሩ። በዚያ ቀን ወለሉን ጥረጉና አንድ ጥግ በሚስማር ጫሩ፣ ከዚያም መሃሉ ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉ። ሚስማሩ የጭረት መስመር ብቻ ትቶ ዱቄት ካላወጣ፣ ውሃውም ወዲያው ሳይሰርግ ከቆየ፣ ቀሪውን ክፈሉ።