ክኒኑ አልሠራ ሲል፦ የቫኪዩም ፓምፕ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ይህ ግምገማ ለስንፈተ ወሲብ ስለሚያገለግለው የቫኪዩም ፓምፕ ነው። እጄ የገባው ከመስቀል በፊት ነው፤ አሁን ፋሲካም አልፏል። ስኳር ያለባችሁ ወይም የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ያደረጋችሁ፣ ክኒኑም አልሠራ ያላችሁ ካላችሁ፣ እኔ ሳልጀምር ማንበብ የምፈልገውን ነው የምጽፈው።

ስኳር ካለብኝ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሲልደናፊል የሚባለው ክኒን መጀመሪያ ላይ ረድቶኝ ነበር፣ እየቆየ ግን ደከመ። ካዛንቺስ ያለ የሽንት ቧንቧና የወንዶች ጤና ሐኪም ዘንድ ስሄድ ቶሎ ወደ ሌላ ሕክምና አልዘለለም። ክኒኑን እንዴት እንደምወስድ ጠየቀኝ። በባዶ ሆድ፣ ከግንኙነቱ አንድ ሰዓት ያህል ቀድሞ፣ ልብና የደም ግፊት ከፈቀዱ እስከ 100 ሚሊግራም፣ ያውም በተለያየ ቀን ደጋግሞ ካልተሞከረ «አልሠራም» ማለት አይቻልም አለ። ቅባት የበዛበት ምግብ ተበልቶ የተወሰደ ክኒን ዘግይቶና ደክሞ ነው የሚደርሰው። እንደነገረኝ አድርጌ ሞከርኩ፣ ለውጥ የለም።

ምክንያቱን ሲያስረዳኝ ነው ነገሩ የገባኝ። ክኒኑ በራሱ ምንም አያቆምም። ከነርቭ የሚመጣውን መልእክት ነው የሚያጎላው። ስኳር ነርቩን ከጎዳው የሚጎላ መልእክት የለም። ፓምፑ ግን ነርቭ አይጠይቅም፤ አየር አውጥቶ ደሙን በጉልበት ይስበዋል፣ ከዚያ በብልቱ ሥር የሚገባ የጎማ ቀለበት ደሙ እንዳይመለስ ይይዘዋል። ሦስት መንገድ አቀረበልኝ፦ ፓምፕ፣ ብልት ላይ የሚወጋ መርፌ እና በቀዶ ሕክምና የሚገባ ተከላ። መርፌ ሳይሆን ፓምፑን የመረጥኩት ማቆም ስፈልግ ማቆም ስለምችል ነው።

ዕቃው ቀላል ነው። ጥርት ያለ የፕላስቲክ ሲሊንደር፣ የእጅ ፓምፕ፣ አየር የሚለቅ ቁልፍ፣ የተለያየ መጠን ያላቸው የጎማ ቀለበቶች። በባትሪ የሚሠራም አለ፤ እኔ የእጁን እመርጣለሁ፣ ፍጥነቱ በእጄ ስለሆነ። ስትገዙ አንድ ነገር እንዳታልፉ፦ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ራሱ አየር የሚያስገባ መገደቢያ ይኑረው። አንድ ወዳጄ ከሰው በሰው ርካሹን ገዝቶ ነበር፣ መገደቢያ የሌለው። ብልቱ ላይ ደም ቋጠረና ለሳምንታት ተወው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የታችኛው ፀጉር አጠር ይላል፤ ካልሆነ አየር በዚያ በኩል ይገባል። ቀለበቱ አስቀድሞ ሲሊንደሩ አፍ ላይ ይወጠራል። ከዚያ በውሃ ላይ የተመሠረተ ጄል በአፉ ዙሪያና በብልቱ ሥር ይቀባል። ቫዝሊን አይሆንም፣ ጎማውን ያበላሻል። ሲሊንደሩን ሰውነት ላይ ገጠም አድርጎ ሁለት ሦስት ጊዜ መሳብ፣ ትንሽ ማረፍ፣ እንደገና መሳብ። ይህች ማረፍ ናት ዋናው ነገር። አጣድፎ የሚስብ ሰው ቆዳው ላይ እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ቀያይ ነጥቦች ያያል። ነጥቦቹ በራሳቸው ይጠፋሉ፣ ግን ፍጥነት ቀንስ ማለት ናቸው። ጥቂት ደቂቃ ውስጥ በቂ ሲሆን ቀለበቱን ወደ ሥሩ ገፍቶ ማውረድ፣ ቁልፉን ተጭኖ አየር ማስገባት፣ ሲሊንደሩን ማውጣት። አየር ሳታስገቡ ጎትታችሁ አታውጡ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግንኙነት ሳላስብ ብቻዬን ተለማመድኩ። ሐኪሙ የመከረኝ ነው፣ ልክም ነበር። ያስቸገረኝ የቆለጥ ቆዳ ሲሊንደሩ ውስጥ አብሮ እየገባ መቆንጠጡ ነው። ከዕቃው ጋር የመጣውን ጠበብ ያለ ማስገቢያ አፉ ላይ ስከት ቆመ።

ቀለበቱን መምረጥ ጊዜ ይወስዳል። ከሰፊው ጀምሬ ወደ ጠባቡ መጣሁ። ሰፊ ሲሆን ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይላላል፤ ሲጠብ ያማል፣ ቀለሙ ቶሎ ይጠቁራል። ትክክለኛው ሳያም የሚይዘው ነው። ቀለበቱ ከ30 ደቂቃ በላይ አይቆይም፣ ይህ ድርድር የለውም። ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ ይብሳል፦ ስሜት ስለሚቀንስ ሕመም ላያስጠነቅቀን ይችላል። ስለዚህ ሕመምን ሳይሆን ሰዓትን ነው የማምነው። የስልኬን ማንቂያ 25 ደቂቃ ላይ እሞላለሁ። መጠጥ ከጠጣሁ ደግሞ አልጠቀምም፣ ቀለበቱ እንዳለ እንቅልፍ ሊወስድ ይችላልና።

ውጤቱስ? ለግንኙነት የሚበቃ ጥንካሬ ይሰጣል። ግን እንደ ድሮው አይደለም፣ ልብ በሉ። ጥንካሬው ከቀለበቱ ወዲህ ስለሆነ ሥሩ ላይ ይወዛወዛል፤ አቀማመጥ መምረጥ ያስፈልጋል። ሰማያዊ ነገር ያደርገዋል፤ ደሙ ስለማይዘዋወርም ይቀዘቅዛል። ባለቤቴ የመጀመሪያ ቀን «ምነው ቀዘቀዘብህ?» ብላ ደነገጠች። አሁን ጋቢ ከብበን፣ እጇን አድርጋበት፣ ትንሽ ሲሞቅ ነው የምንጀምረው። ዘሩ ደግሞ ቀለበቱ ስለሚይዘው ሊቀር ወይም ቀለበቱ ሲወጣ ሊፈስ ይችላል። ይህን የወሊድ መከላከያ አድርጎ ማሰብ ግን ስህተት ነው።

ከባለቤቴ ጋር መነጋገሬ ከማንኛውም ነገር በላይ ረድቶናል። ፓምፑን ደብቄ መታጠቢያ ቤት እየገባሁ ብቆይ ኖሮ ይቀር ነበር። አንዳንዴ እሷ ናት የምትስበው።

መርፌውን በተመለከተ ሐኪሙ ያሳየኝን ያህል ልንገራችሁ። መድኃኒቱ አልፕሮስታዲል ነው፣ ወይም ከፓፓቬሪንና ከፌንቶላሚን ጋር የተደባለቀ። በቀጭን መርፌ በብልቱ ጎን ይወጋል፣ ከላይም ከታችም አይደለም። ፓምፑ ከሚሰጠው የተሻለ ተፈጥሯዊ ነገር ይሰጣል፣ ክኒን ላልሠራላቸው ብዙዎችም ይሠራል። ነገር ግን የመጀመሪያው መጠን ሐኪም ፊት፣ ከትንሽ ተጀምሮ ነው የሚለካው። ከአራት ሰዓት በላይ ቆሞ ከቀረ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሮጥ ነው፤ ዘግይቶ መሄድ ሥጋውን ለዘለቄታው ይጎዳል። ድብልቁ ፍሪጅ ስለሚፈልግ መብራት ሲጠፋም ማሰብ አለ። ይህ ነው ለጊዜው ያዘገየኝ።

ተከላው የመጨረሻው ደረጃ ነው። ሁለት ሲሊንደር ብልት ውስጥ፣ የራሱ ትንሽ ፓምፕ የቆለጥ ከረጢት ውስጥ፣ የፈሳሽ ማጠራቀሚያው ሆድ ውስጥ ይገባል። የራስን ሥጋ ስለሚተካ ከዚያ በኋላ ወደ ክኒን ወይም ወደ ፓምፕ መመለስ የለም። ኢንፌክሽን ከገባ ዕቃው መውጣት አለበት፤ ለዚያም ነው ሐኪሜ ስኳሬ በደንብ ሳይስተካከል ስለእሱ ማውራት የማይፈልገው። ፓምፑም መርፌውም ካልተመቹኝ ያኔ እንነጋገርበታለን ብሎኛል።

ፓምፑንም ማን መጠቀም እንደሌለበት ልናገር። እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ የደም መርጋት ችግር ያለበት፣ ወይም ሲክል ሴል የሚባለው የደም ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይንካው። ብልቱ ከባድ ጠመዝማዛ ያለበትም ቢሆን መጀመሪያ ይታይ።

ዕቃው እስካሁን አልተበላሸም። በለብ ያለ ውሃና በሳሙና ሲሊንደሩን አጥባለሁ፣ ፓምፑን ግን ውሃ ውስጥ አልነክርም። የሚያልቀው ቀለበቱ ነው፤ ጎማው ይለሰልስና መያዝ ያቆማል። እዚህ ሱቅ ውስጥ የእኔን ዓይነት አላገኘሁም፤ ዕቃውን ከውጭ ያመጣልኝ ዘመድ ተጨማሪ ቀለበት እንዲልክልኝ አድርጌአለሁ። ስታዝዙ ከመጀመሪያውኑ መለዋወጫ ቀለበት አብሮ እንዲመጣላችሁ ጠይቁ።