የፖድካስታችንን መግቢያና መዝጊያ ሙዚቃ ለሠራልን ልጅ

ለአዲሱ ፖድካስታችን የመግቢያና የመዝጊያ ሙዚቃ የሠራልንን ልጅ በአደባባይ ላመሰግነው ወደድኩ። እጁ ይባረክ! ፖድካስት ልትጀምሩ ያሰባችሁ ካላችሁም ዓይኔን ሳላሽ የምጠቁማችሁ እሱን ነው።

ገና ሥራ ሳይጀምር አዘጋጃችን ስታወራ ቀድተን እንድንልክለት ጠየቀን። ከመግቢያው ሠላሳ ሰከንድ ግማሹ ንግግር የሚገባበት ስለሆነ ድምፅዋን ሳልሰማ ዜማ አልጀምርም አለ።

ፍጥነቱን በደቂቃ 96 ምት አደረገው። በአራት አራት ምት ሲቆጠር አንዱ ባር ሁለት ሰከንድ ተኩል ይወስዳል፤ 12 ባር ሲሞላ ልክ 30 ሰከንድ። ሙዚቃው መሃል ላይ ተቆርጦ የቀረ የማይመስለው ለዚህ ነው። የመጀመሪያዎቹ 4 ባሮች ላይ የጊታሩ ዜማ ብቻውን ይሰማል። ቀጥሎ ባሉት 6 ባሮች ዜማው ይወጣና አዘጋጇ የፕሮግራሙንና የእንግዳውን ስም ትናገራለች፤ ከሥሯ የሚቀሩት ቤዝና ለስለስ ያለ ከበሮ ናቸው። በመጨረሻዎቹ 2 ባሮች ጊታሩ ተመልሶ ይዘጋዋል።

በመጀመሪያው ረቂቅ ግን ጊታሩ ከንግግሩ ሥርም ይጫወት ነበር። በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ያምራል። ስልክ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርገን ስንሰማው የእንግዳው ስም ተዋጠ። እኔ በቃ ሙዚቃውን ቀንሰው አልኩት። እሱ ደግሞ ጊታሩ ያረፈው ቃላት የሚለዩበት ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ ቢቀነስ ሙዚቃው ይደክማል እንጂ ንግግሩ አይጠራም አለና ጊታሩን ከዚያ ቦታ ጭራሽ አነሳው። ቤዙም በስልክ ስፒከር እምብዛም ስለማይሰማ አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለ ፒያኖ ደረበበት። አሁን በስልክም ምቱ አይጠፋም።

መዝጊያው ያው ዜማ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል። መጀመሪያ አዘጋጇ የምታመሰግንበት 15 ሰከንድ አጃቢ ይመጣል፣ ከዚያ ዜማው ገብቶ ማረፊያ ኖታው ላይ ያልቃል። ቀስ በቀስ እየጠፋ የሚያልቅ ሙዚቃ አልሠራልንም፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ኤዲት የሚያደርገው ልጅ ከክፍሉ ማብቂያ 30 ሰከንድ ወደኋላ ቆጥሮ ያስቀምጠዋል፣ አለቀ። ምስጋናው ከረዘመም እንዲደጋገም ተብሎ ለብቻው የተሰጠን የአጃቢው ፋይል አለ።

ሙዚቃውን በየትኛውም መድረክ ያለ ጊዜ ገደብ እንድንጠቀምበት፣ የሌላ ሰው ቅጂም እንዳልገባበት በጽሑፍ ፈርሞልናል። ይህን ሳትይዙ ከማንም ጋር እንዳትጨርሱ፤ ክፍሎቻችሁ ተለቀው ካለቁ በኋላ የባለቤትነት ጥያቄ ቢነሳ አንድ በአንድ እያወረዱ ሙዚቃ መቀየር ነው የሚጠብቃችሁ።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። መልእክት ቶሎ የሚመልስ ሰው አይደለም፣ ደውሉለት።