ለአሮጌው ዴል ግራፊክስ ካርድ፦ ፓወሩን ሳይነኩ ወይስ ቀይሮ?

ደሴ ውስጥ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ገዝቶ ለቪዲዮ ኤዲቲንግ ማጠናከር የሚፈልግ ሰው ከፊቱ ሁለት መንገድ አለ። ትልቁን ኬዝ እንውሰድ።

የመጀመሪያው መንገድ ፓወር ሰፕላዩን ሳይነኩ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይን የመሰለ፣ ተጨማሪ ኬብል የማይፈልግ ካርድ መሰካት ነው። እንዲህ ያለው ካርድ ኃይሉን ሁሉ ከማዘርቦርዱ ስሎት ያገኛል፤ ጣሪያውም 75 ዋት ነው። ኮር አይ5-4590 ፕሮሰሰር 84 ዋት ቢወስድ፣ ለዲስክና ለማራገቢያ 40 ብንጨምር፣ ድምሩ 199 ነው። ፓወሩ 290 ዋት ስለሆነ አይጨነቅም። ቀጭኑ ኬዝ ከሆነ ግን አጭር ቁመት ያለው ካርድ ካልሆነ አይገባም። ከመክፈልዎ በፊት ይለኩ።

ሁለተኛው መንገድ ፓወሩን ቀይሮ ጠንካራ ካርድ ማስገባት ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ገበያ ላይ የሚሸጠው ፓወር ባለ 24 ፒን ሲሆን የዴሉ ማዘርቦርድ ግን የራሱ ባለ 8 ፒን ሶኬት አለው። ለዚህ ሞዴል የተሠራ አዳፕተር የግድ ነው። የአዲሱ ፓወር የፕሮሰሰር ኬብልም ባለ 8 ፒን ስለሚሆን ተመሳሳይ ይመስላል፤ የሽቦ አደራደሩ ግን ሌላ ነው። እሱን በቦርዱ ሶኬት ላይ መሰካት ቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል። ቦርዱ ከሄደ ደግሞ መደበኛ ማዘርቦርድ በቀላሉ አይተካውም።

እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ሥራ ሲበዛበት ብቻ ድንገት እየጠፋ የሚነሳ ማሽን ካለዎት ግን መጀመሪያ ሙቀቱን፣ ቀጥሎ ፓወሩን ያስፈትሹ።