የሱቅ እንጉዳይ፦ ጥሬው ወይስ የበሰለው?

ጎንደር ውስጥ ከሱቅ የተገዛ ነጭ ክብ እንጉዳይ ሰላጣ ላይ ጥቂት በጥሬው ቢከተፍ፣ ጤነኛ ሰው ብዙም አይጎዳም። እኔ ግን ምጣዱን እመርጣለሁ።

ጥሬው ለስላሳ ቢመስልም የሕዋሱ ግድግዳ ካይቲን ከሚባል ጠንካራ ንጥረ ነገር የተሠራ ነው፤ ሆዳችን በደንብ አይፈጨውም። አንዳንዱን ሰውም ሊነፋው ይችላል። ሙቀት ይህን ግድግዳ ያላላዋል። ጥሬው ውስጥ አጋሪቲን የሚባል ንጥረ ነገርም አለ። በሰው ላይ ጉዳቱ አልተረጋገጠም፤ ማብሰል ግን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ትልቁ ጉዳይ ሊስቴሪያ ነው። ይህ ባክቴሪያ ፍሪጅ ውስጥም ይራባል፣ በእጥበት ብቻ አይለቅም። ነፍሰ ጡር፣ አዛውንት ወይም አቅመ ደካማ ካለ ጥሬው ይቅር። ኦይስተር የሚባለውን ጠፍጣፋውን እንጉዳይ ደግሞ ማንም ቢሆን አብስሎ ይብላ።

ሩብ ኪሎውን ክተፉና በሰፊ መጥበሻ፣ ያለ ዘይት፣ በጠንካራ እሳት ጣዱት። አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ቶሎ ያለቅሳል። ውሃው መጥጦ ጠርዙ ቡናማ ሲሆን ቅቤና ነጭ ሽንኩርት ጨምሩ። ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ግን ቢ ቫይታሚኖቹን አብሮ መድፋት ነው።

ይህ ሁሉ ለሱቁ ነው። ከጫካ የተለቀመ መርዛማ እንጉዳይ ቢበስልም መርዙ ላይጠፋ ይችላል።